ለባንክ ፈተና ሪዝኒንግ ለምታጠኑ፣ አንድ አስጠኚ ልጠቁማችሁ

ለባንክ ቅጥር ፈተና ስንዘጋጅ ሪዝኒንግ ያስጠናንን ልጅ በአደባባይ ላመሰግነው ነው የመጣሁት። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ «አስጠኚያችን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ብዙ ነገር አስተምሮናል፣ ግን እኔን የጠቀመኝ «ኮርስ ኦፍ አክሽን» እና «ኮዝ ኤንድ ኢፌክት» የሚባሉት ላይ ነው። ጥያቄዎቹ በብዛት ከህንድ የባንክ ፈተናዎች የተገኙ ናቸው። ሒሳብ የላቸውም፣ ቀላል ይመስላሉ፣ ሁለት ምርጫ ላይ አንጠልጥለው የሚያስቀሩትም እነሱ ናቸው።

ኮርስ ኦፍ አክሽን ላይ አንድ ችግር ይነገራችኋል፣ ከሥሩ ሁለት እርምጃዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው ብቻ፣ ሁለተኛው ብቻ፣ ከሁለቱ አንዱ፣ ሁለቱም፣ ወይም አንዳቸውም አይሆኑም ብላችሁ ትመርጣላችሁ። አስጠኚያችን መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለተኛውን እርምጃ በእጁ መሸፈን ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘን፣ ማወዳደር በኋላ ይመጣል ይላል።

አንዱን ምሳሌ ላካፍላችሁ። «በአንድ ከተማ ከቧንቧ ውሃ ጋር የተያያዘ በሽታ ብዙ ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቷል።» አንደኛው እርምጃ፣ አስተዳደሩ ውሃውን ቶሎ ያስመርምር፣ ነዋሪው አፍልቶ እንዲጠጣም ያሳውቅ። ሁለተኛው፣ የከተማው ውሃ በሙሉ ላልተወሰነ ጊዜ ይዘጋ። ክፍሉ ግማሹ «ሁለቱም» አለ፣ ምክንያቱም ውሃው ከታመመው ሰው ጋር ይያያዛላ! እሱ ግን ሦስት ነገር ጠየቀን። እርምጃው የተነገረውን ችግር ይነካል? በተግባር ይቻላል? ከችግሩ የባሰ ሌላ ችግር አያመጣም? መዝጋቱ የመጀመሪያውን ያልፋል፣ ሦስተኛው ላይ ግን ይወድቃል፤ ከተማውን ሙሉ ያለ ውሃ ያስቀራል። መልሱ አንደኛው ብቻ ነው።

እዚህ ጋ «ወዲያውኑ» እና «በሙሉ» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ሁሉ ሰርዙ የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። አትመኑት። ሊደረመስ የደረሰ ሕንፃ ውስጥ ሰዎች ካሉ ሁሉም ወዲያውኑ ይውጡ ማለት ትክክለኛው እርምጃ ነው። የሚታየው እርምጃው ከችግሩ ጋር መመጣጠኑ ነው እንጂ ቃሉ አይደለም።

«ከሁለቱ አንዱ» የሚለው ምርጫ ደግሞ ብዙ ሰው ሲያቅማማ የሚሸሸግበት ነው። የሚያገለግለው ሁለቱም ለየብቻ ችግሩን የሚፈቱ ሆነው አብረው መደረግ ሳይችሉ ሲቀሩ ብቻ ነው። የፈተና ወረቀት አስቀድሞ ወጣ እንበል፣ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ እንደደረሰው። አንደኛው «ፈተናው ተራዝሞ በሌላ ቀን ይሰጥ» ቢል፣ ሁለተኛው «በተጠባባቂ ወረቀት በዚያው ቀን ይሰጥ» ቢል፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ አብረው ግን አይሄዱም። በቃ፣ ከሁለቱ አንዱ።

ኮዝ ኤንድ ኢፌክት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይሰጧችኋል፣ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆን አለመሆኑን ትለያላችሁ። የምወደው ምሳሌው የታክሲው ነው። አንድ፣ «በከተማው የሚኒባስ ታክሲ ታሪፍ ጨመረ።» ሁለት፣ «የአትክልት ዋጋ ጨመረ።» ትራንስፖርት ሲወደድ አትክልት ይወደዳል ብላችሁ አንደኛውን ምክንያት፣ ሁለተኛውን ውጤት ልታደርጉት ትችላላችሁ። አስጠኚያችን «ሽንኩርት ከእርሻው በሚኒባስ ታክሲ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብሎ አሳቀን። ከዚያ የታክሲው ታሪፍ ባይጨምር አትክልቱ ይረክስ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አይረክስም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ሁለቱንም አንድ ላይ ሊያነሳ የሚችለው እንደ ነዳጅ ጭማሪ ያለ ነገር ነው፣ መልሱም ሁለቱም የአንድ የጋራ ምክንያት ውጤቶች ናቸው የሚለው ነው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር «የነዳጅ ዋጋ ጨመረ» በሚል ቀይሩትና ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ምክንያት፣ አንደኛው ውጤት ይሆናል። ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ የሆነው ነው ማለት አይደለምና።

የጋራ ምክንያት ነው ወይስ የተለያየ ምክንያት የሚለው ግን አንዳንዴ ያጨቃጭቃል፣ የመልስ ወረቀቶችም እርስ በርስ የማይስማሙበት ጊዜ አለ። እሱ ይህን አይደብቅም። የሚሰጠው መለያ፣ ሁለቱን ለማገናኘት አንድ የተለመደ ክስተት ከበቃችሁ የጋራ ነው፣ ረጅም ታሪክ መፍጠር ካስፈለጋችሁ ለየብቻ ናቸው። ሁሌ አይሠራም፣ ለእኔ ግን ብዙውን ጊዜ ሠርቷል።

ቅዳሜና እሁድ ነው የሚያስጠናው፣ በትንሽ ቡድን። ያልገባችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱ ከራሱ ወረቀት ይልቅ በእሱ ላይ መሥራት ይወዳል። ሒሳቡን ግን አያስጠናም፣ ለዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።