ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍዬ ከዕዳዬ ሳንቲም አልቀነሰም

ከባንኩ ከወጣሁ ሦስት ሰዓት እንኳን አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ እፍረቱ ያሸንፈኛል።

«የእፎይታ ጊዜ ያለው ብድር» የሚሉትን ታውቁታላችሁ። ሰዎቹንም ታውቋቸዋላችሁ። ስትገቡ ወንበር ይሳብላችኋል፣ ውሃ ይቀርብላችኋል። «መጀመሪያ ላይ አይጨናነቁ፣ ሥራው እግሩን ይትከል፤ እስከዚያ ወለዷን ብቻ ጣል ጣል እያደረጉ ይቆዩ» ትባላላችሁ። ወለዷን! እንዲህ ሲያቆላምጧት የጎረቤት ልጅ ነው የምትመስለው።

እኔ የተበደርኩት ለማተሚያ ማሽን ነው። አንድ ሚሊዮን፣ በዓመት 15 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት የሚመለስ። የመጀመሪያው 2 ዓመት እፎይታ ነው። በየወሩ 12,500 እየከፈልኩ 24 ወር ቆየሁ። አንድም ወር አላሳለፍኩም። ደረሰኞቹ በቀይ ክላሰር ውስጥ በቀን በቀናቸው ተደርድረዋል። ዛሬ ክላሰሩን ታቅፌ ነበር የሄድኩት፤ ሞኝነቴን ይዤ እንደሄድኩ አላወቅኩም።

እቤት ውስጥ ደግሞ የራሳችን ሂሳብ ነበረን። ወር በገባ ቁጥር ባለቤቴ «ስንት ቀረን?» ትለኛለች። እኔም እንደ አዋቂ የከፈልኩትን ሁሉ ከሚሊዮኑ ላይ እየቀነስኩ እነግራታለሁ። ባለፈው ወር «300 ሺህ ገባ፣ 700 ሺህ ቀረን» አልኳት። «ተመስገን፣ ሲሶው ሊያልቅ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት በስልኬ መልእክት መጣ። የእፎይታ ጊዜዎ ተጠናቋል፣ ቀጣይ ክፍያዎ 34,665.33 ነው ይላል። ሳቅኩ። የሌላ ሰው መልእክት በስህተት የደረሰኝ መስሎኝ ነው። ምስኪን፣ ማን ይሆን ይሄን የሚከፍለው ብዬ አዘንኩለት እንኳን።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ያኔ ብድሩን የሸጠልኝ ሰውዬ እዚያው ወንበሩ ላይ አለ። አየኝና ስልኩን አነሳ፤ ስልኩ ግን አልጠራም ነበር። አንዲት ወጣት ጋ ተቀመጥኩ።

«የሰው መልእክት ደርሶኝ ነው» አልኳት።

ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገች። «አይ፣ የእርስዎ ነው ጋሼ።»

«የኔ ወርሃዊ ክፍያ እኮ 12,500 ነው።»

«እሱማ ወለዱ ነዋ።»

«እሺ፣ የቀረብኝ ስንት ነው?»

መልስ አልሰጠችኝም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ቀሪ ዋና ብድር» ከሚለው ጎን 1,000,000.00 ይላል። ዜሮዎቹን ቆጠርኩ። ነጥቧ ያለችበትን ተሳስቼ አይቼ ይሆን ብዬ በጣቴ ስክሪኑን ነክቼ ደግሜ ቆጠርኩ። ልጅቷ ጣቴን አየችው። እኔም አየሁት። ስክሪኑ ላይ አሻራዬ ቀርቷል።

«የከፈልኩት 300 ሺህስ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ሳቁን ለማፈን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

«ከዋናው ምንም አልከፈሉም ጋሼ።»

ይሄኔ ሰውዬው ስልኩን አስቀምጦ መጣ። ሰላምታ የለም። «ሰንጠረዡ እኮ ውሉ አባሪ ላይ አለ። አንብበው አይደል የፈረሙት?» አለኝ። አንብበው አይደል! ያኔ በጣቱ እየጠቆመ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ጋ» እያለ ያስፈረመኝ እሱ ራሱ ነው። ገጹን እንኳን የገለጠልኝ እሱ ነው።

ክላሰሩን ከፍቼ አባሪውን አወጣሁ። ከ1 እስከ 24 ያሉት መስመሮች 12,500 ይላሉ። 25ኛው መስመር 34,665 ይላል። ከገጹ ግርጌ ፊርማዬ አለ፣ ያውም በደንብ የተለቀለቀ። አልደበቁኝም። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ቢደብቁኝ እከስ ነበር።

አሁን ሂሳቡን ላስረዳችሁ፤ እኔ ማንም ስላላስረዳኝ ሳይሆን ስላልጠየቅኩ ነው ያላወቅኩት። እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፦ 2 ዓመት እፎይታ፣ ከዚያ ዋናውን በ5 ዓመት። ውሉ ግን ጠቅላላው 5 ዓመት ነው ይላል፣ እፎይታውም ከዚያው ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ሚሊዮኑ በ60 ወር ሳይሆን በቀሩት 36 ወራት ማለቅ አለበት። ዕዳው ያው፣ ወለዱ ያው፣ መክፈያው ጊዜ ብቻ በሁለት አምስተኛ አጠረ። 34,665 ከሰማይ አልወረደም።

ያለ እፎይታ ከመጀመሪያው ወር ብጀምር ኖሮ ወርሃዊው 23,790 ነበር። ከዚያ ላይ በመጀመሪያው ወር 12,500ው ለወለድ ይሄዳል፣ 11,290ው ከዋናው ይቀንሳል። ዋናው ስለቀነሰ በሁለተኛው ወር ወለዱ 12,359 ገደማ ይሆናል፤ ከወለዱ የተረፈችው ልዩነት ደግሞ ከዋናው ላይ ትቀነሳለች። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሲሞላ ቀሪው 686 ሺህ አካባቢ ይደርስ ነበር። እኔ ለባለቤቴ ስነግራት የነበረው 700 ሺህ ማለት ነው፣ እንዲያውም ከዚያ ያነሰ። የእኔ ሂሳብ የሌላ ሰው ብድር ሂሳብ ነበር።

ሌላም አለ። በእፎይታው ጊዜ በየወሩ 11,290 ኪሴ ቀርቶልኛል፤ በ24 ወር 271 ሺህ ይሆናል። ከእንግዲህ ግን በየወሩ ከመደበኛው 10,875 አስበልጬ እከፍላለሁ፤ በ36 ወር 391 ሺህ ተኩል ነው። እፎይ ያልኩበት ዋጋ 120 ሺህ ተኩል መጣ። እፎይታው ደግሞ ለእኔ አላስፈለገኝም ነበር! ማሽኑ ገና ተክሎ ለማስነሳት ዓመት የሚፈጅ ቢሆን እሺ፣ ገቢ ሳይኖር ዋናውን ከየት አመጣለሁ። የእኔ ማሽን በሁለተኛው ወር መጥሪያ ወረቀት ያትም ነበር። በየወሩ የቀረልኝ 11,290 የት እንደገባ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ትንሽ ትንሽ ገንዘብ የት እንደሚገባ ታውቁ የለ።

የሞኝነቴን ጫፍ ልንገራችሁ። 12,500ን በ60 ብታባዙት 750 ሺህ ነው። ወለዱ ይቅርና የተበደርኩት ሚሊዮን ራሱ አይሞላም። ይሄን አራተኛ ክፍል የሆነች ልጄ ትሠራዋለች። እኔ በቀን ለስንት ሰው የወረቀት ዋጋ የማሰላ ሰው አልሠራሁትም። ደግሞ 1,000,000 ሲባዛ በ15 በመቶ፣ ሲካፈል ለ12፣ ልክ 12,500 ይመጣል። ዕዳውን በዓመት ወለዱ አባዝታችሁ ለ12 ስታካፍሉ ከወርሃዊ ክፍያችሁ ጋር እኩል ከሆነ፣ የምትከፍሉት ወለድ ብቻ ነው። አንድ የሂሳብ ባለሙያ ወዳጄ ዛሬ በስልክ ቁጥሩን ስነግረው ሳልጨርስ ነው የገባው። «አንተ፣ ለምን ያኔ አልደወልክልኝም?» አለኝ። ምን ልበለው።

አልጨረስኩም፣ አንድ ቁስል ቀርታለች። ባለፈው ዓመት ሥራ ደርቶ 50 ሺህ ተረፈኝ። ዕዳው ይቅለልልኝ ብዬ ሮጬ አስገባሁት። ከዚያ ለአራት ወር ክፍያ አልጠየቁኝም። ደግነት መስሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ «እነዚህ ሰዎች ደንበኛ ያከብራሉ» አልኩ። ዛሬ ልጅቷ ስታየው 50 ሺው የቀጣይ አራት ወር ወለድ ቅድመ ክፍያ ተብሎ ተይዟል። አራት ጊዜ 12,500፣ ልክ 50 ሺህ። ከዋናው ላይ ቢያስገቡልኝ ኖሮ ቀሪዬ 950 ሺህ ሆኖ ወርሃዊው ወደ 32,932 ይወርድ ነበር። ለምን እንዲህ ሆነ ስላቸው «ለዋናው ይሁን ብለው በጽሑፍ አላመለከቱም» አለኝ ሰውዬው። ይሄን ሲል ሰዓቱን ያይ ነበር።

ጊዜው ይራዘምልኝ አልኩ። እሱ እንደ አዲስ ብድር ነው የሚታየው፣ ማስያዣው እንደገና ይገመታል፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው ተባልኩ። ከዛሬ ጀምሮ 60 ወር ቢሰጡኝ እንኳን ወርሃዊው ወደ 23,790 ይወርዳል እንጂ ጠቅላላ የምከፍለው አሁን ካለው በ179 ሺህ ይጨምራል። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ጥበቃው «ደህና ዋሉ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በቅንነት ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ለእናንተ፦ ወንበር ስበው ሲያስቀምጧችሁ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ አትጠይቁ፣ እፎይታው ባለቀ ማግስት ያለውን ወር ጠይቁ። እፎይታው ከ5 ዓመቱ ውስጥ ነው ወይስ በላዩ የሚጨመር? ሙሉውን የክፍያ ሰንጠረዥ ቤት ወስዳችሁ እዩት፣ በተለይ «ቀሪ ዋና ብድር» የሚለውን ዓምድ። በየወሩ እየቀነሰ ካልሄደ ዕዳችሁን እየከፈላችሁ አይደለም። ተርፏችሁ ስታስገቡም «ከዋናው ይቀነስ» የሚል ደብዳቤ ጽፋችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ።

ባለቤቴ መጣች መሰለኝ፣ በሩ ተከፈተ። ክላሰሩ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው።