በህመም ትምህርት ስታቋርጡ ደብዳቤውን «ሲሻለኝ አስገባለሁ» አትበሉ

ይህን የምጽፈው በህመም ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ለመውጣት ላሰባችሁና የከፈላችሁት ገንዘብ እንዲመለስላችሁ ለምትፈልጉ ነው። የተቋሙን ስም አልጠራም። አሠራሩ ግን የእሱ ብቻ አይደለም።

እህቴ የማስተርስ ትምህርት ጀምራ የሴሚስተሩን ክፍያ በአንዴ ከፍላ ነበር። በ3ኛው ሳምንት ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። እዚያው ሆና ለሬጅስትራር ኢሜይል ላከች፦ «ታምሜያለሁ፤ ይህን ሴሚስተር መቀጠል አልችልም፤ ምን ማድረግ አለብኝ?» መልሱ ደስ የሚል ነበር። «ጤናሽ ይቅደም፤ ሲሻልሽ ማመልከቻሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። ተሽሏት በ7ኛው ሳምንት ደብዳቤዋን ስታስገባ ግን ፋይናንስ ክፍል «ተመላሽ የለሽም» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ተቋማት ተመላሽ የሚያሰሉት በደረጃ ነው፤ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር የሚመለሰው ይቀንሳል። የእህቴ ተቋም ደንብ እስከ 4ኛው ሳምንት ግማሹን፣ እስከ 6ኛው ሩቡን ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ምንም። የመመዝገቢያ ክፍያ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። ከከፈለችው 100 እጅ 10ሩ መመዝገቢያ ነው እንበል። ከቀረው 90 በ3ኛው ሳምንት ብትወጣ 45 ታገኛለች። በ7ኛው ግን ዜሮ። በሁለቱ መካከል አንድም ክፍል አልገባችም። ለእነሱ ግን የሚቆጠረው ከክፍል የቀረችበት ቀን ሳይሆን ደብዳቤዋ መዝገብ ቤት የገባበት ቀን ነው። ያቺ «ሲሻልሽ ነይ» የምትል ደግ ቃል ስንት እንዳስከፈለች አያችሁ?

ስለዚህ ደብዳቤው ከአልጋ ላይም ቢሆን ዛሬውኑ ይግባ። የሕክምና ማስረጃው ካልደረሰ «ማስረጃውን በኋላ አቀርባለሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሰው ከላካችሁ በግልባጩ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማህተም ያስደርግ፤ በኢሜይል ከሆነ «ደርሶናል» የሚል መልስ ጠይቁ።

ይዘቱም ወሳኝ ነው። «በግል ምክንያት ትምህርቴን አቋርጫለሁ» የሚል ደብዳቤ ለመልቀቅ ይበቃል፤ ለገንዘቡ ግን አይበቃም። እኛ በመጨረሻ የጻፍነው ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል፦

«በጤና እክል ምክንያት ከዚህ ሴሚስተር 3ኛ ሳምንት ጀምሮ ትምህርት መከታተል አልቻልኩም። ይህንኑ በዚያው ሳምንት በኢሜይል አሳውቄያለሁ፤ ግልባጩ ተያይዟል። ስለዚህ መልቀቂያዬ ካሳወቅሁበት ቀን ጀምሮ እንዲጸናልኝና የከፈልኩት የትምህርት ክፍያ በዚያው ቀን ተሰልቶ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ተቀባይነት ካላገኘ የደንቡ አንቀጽ ተጠቅሶ መልሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። በቃል «አይቻልም» ማለት ቀላል ነው፤ አንቀጽ ጠቅሶ መፈረም ግን ያስባል። ቅሬታ ወደ ዲን ስትወስዱም የምትይዙት ወረቀት ይኖራችኋል።

የሐኪሙ ወረቀትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የእህቴ የመጀመሪያው ማስረጃ «ሕክምና እየተከታተለች ነው» ይልና ቀኑ የ7ኛው ሳምንት ነበር። ያ ለእነሱ እንጂ ለእሷ አልጠቀመም። ሐኪሙን የምትጠይቁት ህመሙ ከመቼ ጀምሮ ትምህርት እንዳስተጓጎለ እንዲጽፍላችሁ ነው። የበሽታው ስም የግድ ካልተጠየቀ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የጤና ምስጢራችሁ ነው።

ክርክሩ ሲጠነክር አንድ «መፍትሔ» ይዘው መጡ። ክፍያው ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይያዝልሽ አሏት። ለሚመለስ ተማሪ ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ቅጹን ስናነበው ግን ከታች በትንንሽ ፊደል ሁለት ነገር አለ፦ የፈረመ ሰው ተመላሽ የመጠየቅ መብቱን ይተዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተመለሰ ደግሞ ገንዘቡ ይቀራል። ገና በሕክምና ላይ ላለ ሰው የአንድ ዓመት ገደብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አልፈረመችም። ያቺ የ3ኛው ሳምንት ኢሜይል ከአዲሱ የሐኪም ወረቀት ጋር ቀርባ፣ ቅሬታ ሰሚው ሂሳቡ በኢሜይሉ ቀን እንዲሠራ ወሰነ። 45ቱ ተመለሰ።

በክፍል በክፍል የምትከፍሉ ከሆነ ከባንክ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ ለማስቆም ለብቻው አመልክቱ፤ መልቀቂያው ብቻ አያስቆመውም። ብድር ወይም ስኮላርሺፕ ካለ ተመላሹ በቅድሚያ ወደ ከፋዩ ሊሄድ ይችላልና ይህንንም ጠይቁ። ትራንስክሪፕታችሁንም አውጥታችሁ እዩ። መልቀቂያው በትክክል ካልተመዘገበ ያልጨረሳችሁት ኮርስ W፣ ማለትም «አቋርጧል»፣ መሆን ሲገባው F፣ ማለትም «ወድቋል»፣ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። በእህቴ አንድ ኮርስ ላይ ይኸው ደርሶ፣ ለማስተካከል ሌላ ማመልከቻ ጽፈናል።