የጄኔሬተራችንን መብራት መዋዠቅ በጆሮው ያወቀልን ባለሙያ

ይሄን የምፅፈው አንድ የጄኔሬተር ጥገና ባለሙያ ለማመስገን ነው፣ ስሙን ሳላስፈቅደው አልጠቅስም፣ ስልኩን የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

የኛዋ ትንሽዬ የቤንዚን ናት። ትነሳለች፣ ትሰራለች፣ ግን አምፖሉ ደመቅ ፈዘዝ ደመቅ ፈዘዝ እያለ ቤቱን ጭፈራ ቤት አስመሰለችው። ቀድሞ የመጣው ሰው በደንብ እንኳን ሳያያት «ቮልቱን የሚያስተካክለው ኤቪአሩ ሄዷል» ብሎ አዲስ አስገዛን፣ ተገጠመ፣ ያው ናት።

ይሄኛው ሲመጣ ብሎን አልፈታም፣ ቆሞ አዳመጠ። «ስሙ፣ መብራቱ ሲደምቅ ሞተሩም ይጮሃል፣ ሲፈዝ ድምፁም ይወርዳል» አለን። እኛ ስንት ሳምንት አብረናት ኖረን ልብ አላልነውም በናታችሁ! ከዛ ቴስተሩን ሄርዝ ላይ አድርጎ ሶኬቱ ውስጥ ሰካው፣ ከ46 እስከ 54 ይመላለሳል። ሄርዝ የሚመጣው ከሞተሩ ፍጥነት ነው፣ የእናንተ አይነቷ በደቂቃ 3000 ስትዞር ነው 50 የምትሰጠው፣ ኤቪአር ደግሞ ቮልት እንጂ ፍጥነት አይቆጣጠርም አለን፣ እኔ ያቺን የከፈልኳትን ብር እያሰብኩ ዝም።

ቀጥሎ እቃውን ሁሉ አስነቀለ፣ ባዶዋንም ትዋዥቃለች፣ ስለዚህ ጭነት በዝቶባት አይደለም። ቾኩን ግማሽ ድረስ ሲዘጋው ግን ፀጥ! አየሩ ሲቀንስላት ከተረጋጋች ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው። ገቨርነሩ ፍጥነት ሲወርድ ስሮትሉን ይከፍታል፣ ስትፈጥን መልሶ ይዘጋል፣ ቤንዚኑ ሲያንሳት ደግሞ እየተከተላት ይንገላታል እንጂ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ካርቡሬተሩን ፈታው፣ ትንሿ የቤንዚን ቀዳዳ ከርሞ በደረቀ ቤንዚን ተደፍናለች። በስፕሬይና በአየር አፀዳት፣ ሽቦ አታስገቡ ቀዳዳው ከሰፋ ሌላ ጣጣ ነው አለ። የገቨርነሩን ስፕሪንግም አንዱ አጥብቆት ስለነበር ባዶዋን 52 ላይ መለሰው፣ እቃ ሲሰካባት 50 አካባቢ ላይ ቆመች።

ታዲያ ኤቪአር ሲሆን በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኩት። ሞተሩ አንድ አይነት ድምፅ እያሰማ፣ ሄርዙ ሳይነቃነቅ፣ ቮልቱ ብቻ ሲዘል ነው አለ፣ ያኔም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት ካርቦኖቹን እዩ፣ ካለቁ ወይም የሚነኩት ቀለበት ከቆሸሸ ልክ እንደዛው ያደርጋል። ጭነት ከሆነ ደግሞ የውሃ ፓምፕ ወይ ፍሪጅ ሲነሳ መብራቱ ለአፍታ ወረድ ብሎ ይመለሳል፣ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ሲሰራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ይሄ ያለ ነው፣ ወርዶ ከቀረ ግን አቅሟን አልፋችኋል፣ እቃ ቀንሱላት።

አሮጌው ኤቪአር ጤነኛ ስለነበር መልሶ ገጠመልን፣ አዲሱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።