ዱቄት፣ ካፕሱል ወይስ ድብልቅ? ብረት ሳያነሳ በገዛ ሰውነቱ ለሚሠራ ጀማሪ የክሬቲን ንጽጽር

የአክስቴ ልጅ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የሚኖረው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ፣ በላያቸው የቧንቧ ብረት አጋድሞ ፑል አፕ ይሠራል። ጂም አይገባም፣ ዳምቤልም የለውም። አምና ከፋሲካ በኋላ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ነኝ፤ ሦስት ዓይነት ክሬቲን አሳዩኝ፤ የቱን ልግዛ?» አለኝ። አንደኛው 300 ግራም ነጭ ዱቄት ነው። ሁለተኛው 120 ፍሬ ካፕሱል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከስፖርት በፊት የሚጠጣ፣ የሐብሐብ ጣዕም ያለው ድብልቅ ሆኖ «ክሬቲን» የሚለው ቃል በትልቁ የተጻፈበት ነው። ሥራ ላይ ስለነበርኩ «ዱቄቱን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ምርጫው ትክክል ነበር፤ አወሳሰዱን ሳልነግረው መዝጋቴ ግን ጥፋት ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥ በፊት ግን ክሬቲን ለእናንተ የሚሠራው ሥራ መኖሩን እዩ። ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለአጭርና ለከባድ ጥረት የሚያገለግል ነዳጅ ነው። በሙሉ ኃይል ስትሠሩ በዋናነት የሚያገለግለው የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች ገደማ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ስታርፉ ተመልሶ ይሞላል። መጋዘኑ ሞልቶ ከሆነ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ዙር ላይ አንድ ሁለት ተጨማሪ ትሠራላችሁ። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ጡንቻው የሚመጣው ከዚያ ተጨማሪ ሥራ ነው።

ስለዚህ ክብደት አለመኖሩ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ በገዛ ሰውነቱ የሚሠራ ጀማሪ ቶሎ ወደ ብዛት መሄዱ ነው። ሳያቋርጥ ሃምሳ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ከክሬቲን የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ያ ሥራ በአመዛኙ የትንፋሽና የጽናት ነው። እግራችሁን በርጩማ ላይ ሰቅላችሁ፣ በአራት ሰከንድ ቀስ ብላችሁ እየወረዳችሁ፣ ወይም ክብደታችሁን ወደ አንድ እጅ አዘንብላችሁ ስትሠሩ ግን ስምንተኛው ላይ ትንቀጠቀጣላችሁ። ፑል አፕማ ለጀማሪ በራሱ ከባድ ነው። መለኪያዬ ቀላል ናት፦ አንዱ ዙር ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ባለው ውስጥ የሚያቅታችሁ ከሆነና በየዙሩ መሃል ሁለት ሦስት ደቂቃ የምታርፉ ከሆነ ክሬቲን ሥራ አለው። ካልሆነ መጀመሪያ አሠራራችሁን አክብዱት፤ ገንዘቡን እስከዚያው ለእንቁላል አድርጉት።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ዱቄቱና ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው፣ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት። የሚለያዩት በሒሳብ ነው። የካፕሱሉ ዕቃ ላይ አንዱ ፍሬ 750 ሚሊግራም ይላል። 120ው ተደምሮ 90 ግራም መሆኑ ነው። በቀን 3 ግራም ለመውሰድ አራት ፍሬ መዋጥ አለባችሁ፤ ያ ብልቃጥ ሠላሳ ቀን ሞልቶ ያልቃል። 300 ግራሙ ዱቄት ግን በዚያው መጠን መቶ ቀን ይሄዳል። ዋጋ በየሱቁና በየወሩ ስለሚለዋወጥ ለስሌት ያህል ብቻ ዱቄቱ 4,500 ብር፣ ካፕሱሉ 3,000 ብር ነው እንበል። ሲያዩት ካፕሱሉ ርካሽ ይመስላል። በግራም ስታካፍሉት ግን ዱቄቱ 15 ብር፣ ካፕሱሉ 33 ብር ይወጣል። በቀን 45 ብርና 100 ብር ማለት ነው። ሻጩ ስንት ፍሬ እንዳለው ሲነግራችሁ እናንተ ስንት ግራም ክሬቲን እንዳለው ጠይቁ።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ፤ ጾም። ክሬቲን ከምግብ የሚገኘው በዋናነት ከሥጋና ከዓሣ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ግራም ያህል አለ። ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ሥጋም ዓሣም ካልነካ ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው፣ በቀን አንድ ግራም ገደማ የሆነው ብቻ ነው የሚቀረው። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅ ያለ በመሆኑ ክሬቲን ሲጀምሩ የሚያገኙት ጭማሪ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ይበልጣል። የሚገርመው ዱቄቱ ራሱ ከእንስሳ አይመጣም። ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል የሚቀመም ነው፤ የጾም ነው ማለት ይቻላል። ካፕሱሉ ግን ልባሱ በአብዛኛው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። ለጾመኛው ክርስቲያንም ለሙስሊሙም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዕፅዋት የተሠራ ልባስ ያላቸው ካፕሱሎችም አሉ፤ ዕቃው ላይ እንደዚያ ካልተጻፈ ግን ጄላቲን ነው ብላችሁ ያዙት። እንደ ከረሜላ የሚታኘከው ዓይነትም ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለበት። የሚወሰድበት ሰዓት ለውጥ ስለማያመጣ ጾመኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፈታ ከምግቡ ጋር ቢወስደው ምንም አይጎድልበትም።

ድብልቁ ላይ ብዙ አልቆይም። ካፌይን፣ ጣፋጭ፣ ቀለምና ሌላም ሌላም አለበት፤ ክሬቲኑ በአንድ መጠጫ አንድ ሁለት ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ መጠኑን አይጽፍም። ክሬቲን የሚጠቅመው ዕለት ዕለት፣ በዕረፍት ቀንም ሲወሰድ ነው፤ በዕረፍት ቀን ይህን ድብልቅ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ማደር ግን ትርፉ ድካም ነው። ለመነቃቃት ከሆነ ቡናው ቤት አለ።

«ሃይድሮክሎራይድ» የሚባለው የክሬቲን ዓይነትም አልፎ አልፎ ይመጣል። ውሃ ውስጥ ቶሎ መሟሟቱ እውነት ነው። «ትንሽ ስለሚበቃ ይሻላል» የሚሉት ግን አያሳምነኝም። የዚህ ዱቄት ንጹሕ የክሬቲን ድርሻ 78 በመቶ ገደማ ሲሆን የሞኖሃይድሬት 88 በመቶ ነው። 750 ሚሊግራም ብቻ ውሰዱ ሲሏችሁ የሚደርሳችሁ ከ600 ሚሊግራም በታች ነው። ሆዱ ሞኖሃይድሬትን ጨርሶ እምቢ ላለው ሰው ካልሆነ የዋጋውን ልዩነት የምከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ዱቄትን የምመርጠው ግን እሽጉ ያልተከፈተ ከሆነ ነው። በፌስታል ተከፋፍሎ የሚሸጥ ዱቄት ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። የገዛችሁትን ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩት፦ ሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ አማስሉ። ክሬቲን በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከሥር ይቀመጣል። ሞቅ ያለ ውሃ ስትጨምሩበት ይጠራል። ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፣ ቢበዛ ትንሽ መረር ይላል። ጣዕም የለውም ተብሎ የተሸጠው ወዲያው ከሟሟና ከጣፈጠ ግሉኮስ ወይም ሌላ ስኳር አለበት። ውሃው እንደ ሙቅ ከወፈረ የእህል ዱቄት ሳይጨመርበት አልቀረም። ፈተናውን አለፈ ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ግልጹን ማጭበርበር ብቻ ነው የሚያጋልጠው። የበጠበጣችሁትን በዚያው ቀን ጠጡት፤ ውሃ ውስጥ ቀናት ሲያድር እየፈረሰ ጥቅም ወደሌለው ክሬቲኒን ይለወጣል።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ልጁ ዱቄቱን ገዝቶ ሄደ፤ ጓደኞቹ «መጀመሪያ መሙላት አለብህ» አሉት። በቀን አራት ጊዜ አምስት አምስት ግራም፣ በድምሩ 20 ግራም መሆኑ ነው። ይህ አሠራር ፈጠራ አይደለም፤ ጡንቻን በሳምንት ውስጥ ይሞላል። እሱ ግን በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተበጠበጠ፣ በአምስተኛው ተወው። ክብደቱ ከ58 ኪሎ ወደ 59 ተኩል ወጥቷል። ስብ አይደለም፤ ክሬቲን ወደ ጡንቻ ሲገባ ውሃ ይዞ ይገባል። ብረት ለሚያነሳ ሰው አንድ ተኩል ኪሎ ምንም አይደለም። በገዛ ሰውነቱ ለሚንጠለጠል ሰው ግን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የሞላ ሃይላንድ ወገቡ ላይ አስሮ ፑል አፕ እንደመሥራት ነው። ከመጀመሩ በፊት አምስት ዙር ሲሠራ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 2 ይወጣ ነበር፤ በድምሩ 16። ከሙሌቱ በኋላ የመጀመሪያው ዙር ወደ 4 ወረደ። «ጋሼ፣ ጭራሽ አደከመኝ እኮ» ብሎ ደወለ።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ልነግረው የሚገባኝን የነገርኩት። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት በቀን 20 ግራም ለስድስት ቀን የወሰዱትንና በቀን 3 ግራም ለ28 ቀን የወሰዱትን አነጻጽሮ ነበር። በሁለቱም መንገድ የጡንቻው ክምችት በ20 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው። የውድድር ቀን ለሌለበት ጀማሪ ወር መጠበቅ ምንም አያጎድልበትም። ሆዱም ሰላም ያገኛል፣ ክብደቱም ቀስ እያለ ስለሚመጣ ጉልበቱ አብሮት ያድጋል። መሙላቱ ኪስም ይጎዳል፤ በአምስት ቀን 100 ግራም፣ የሠላሳ ሦስት ቀን ድርሻውን ጨርሷል።

የዕቃው ማንኪያ 5 ግራም ስለሆነ ለ3 ግራም ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርጎ እንዲቀዳ ነገርኩት። በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወርቅ ቤት ሄዶ አንዴ ቢያስመዝን ይበቃዋል፤ እኔ አድርጌዋለሁ፣ ወርቅ ሠሪው ስቆብኛል። ልጁ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሞቅ ባለ ሻይ እየበጠበጠ ቀጠለ። በስድስተኛው ሳምንት 6፣ 5፣ 5፣ 4፣ 4 ላከልኝ፤ 24 መሆኑ ነው። ከዚህ አብዛኛው የልምምዱ ነው፤ ክሬቲን እጁ ካለበት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው። ጤነኛ የሆነም ደም ሲመረመር ክሬቲን እንደሚወስድ ይናገር። በምርመራው ላይ ክሬቲኒን የሚባለው ቁጥር ከፍ ሊልና ኩላሊት የታመመ ሊያስመስል ይችላል።

ዱቄቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አለቀ። ሱቁ ሲሄድ ዱቄት የለም፣ ካፕሱል ብቻ ነው ያለው አሉት፤ ፍልሰታ ደግሞ እየቀረበ ነው። «አሁን ካቆምኩ ሁሉም ይጠፋል?» አለኝ። አይጠፋም። የሞላው ክምችት ወደነበረበት ለመመለስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ካፕሱሉን ትቶ ዱቄቱ እስኪመጣ ድረስ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለ።