ለአንድ የሒሳብ ትምህርት አራት ዓይነት ግዢ፦ ከመተካት እስከ እንደ አዲስ መቅረጽ

ትምህርት ቤቶች ፕሮጀክተር፣ ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ለመግዛት ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት ዋጋንና የዕቃውን አቅም ነው። ሩበን ፑየንቴዱራ ያቀረበውና ሳምር በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ሞዴል ግን ንጽጽሩን ከዕቃው አንሥቶ ተማሪው ወደሚሠራው ሥራ ያዞረዋል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ መተካት፣ ማጎልበት፣ ማሻሻል እና እንደ አዲስ መቅረጽ። ልዩነታቸው እንዲታይ አንድ ትምህርት፣ ማለትም የ y = mx + c ቀጥታ መስመር ግራፍን እንያዝና 40 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል በየደረጃው ምን እንደሚገዛና በምላሹ ምን እንደሚገኝ እንመልከት።

በመተካት ደረጃ የሚገዛው ፕሮጀክተር ነው። መምህሩ በሰሌዳ ይሥለው የነበረውን የ y = 2x + 1 ግራፍ በግድግዳ ላይ ያሳያል፤ ተማሪው እንደ ቀድሞው ይገለብጣል። መብራት ቢጠፋ መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ ይቀጥላል፤ ከትምህርቱም የሚጎድል ነገር የለም። ደረጃውን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ውድ መሣሪያም ቢሆን እዚሁ ሊቀር ይችላል። በአገራችን በ2004 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ገለጻውን ከመምህሩ ወደ ስክሪኑ አዛወረው እንጂ የተማሪውን ሥራ ከማዳመጥና ከመጻፍ ብዙም አላራቀውም፤ በሳተላይት የሚመጣውን ስርጭት መምህሩ ማቆም ስለማይችል ያልገባው ተማሪ ጥያቄውን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

በማጎልበት ደረጃ ሥራው ያው ሆኖ መሣሪያው አንድ ጥቅም ይጨምራል። ተማሪው በታብሌት ላይ ነጥቦችን ሲያስቀምጥ ፕሮግራሙ ወዲያው ያርመዋል። (1, 3)ን ማስቀመጥ ሲገባው (3, 1) ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ስሕተቱን የሚያውቀው ደብተሩ ታርሞ ሲመለስ ሳይሆን በዚያው ቅጽበት ነው። ገዢው ማጣራት ያለበት ነገር ፕሮግራሙ «ተሳስተሃል» ብቻ ይል እንደሆነ ወይስ የተሳሳተውን ነጥብ ከትክክለኛው ጎን ያሳይ እንደሆነ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ተማሪውን ወደ ግምት ይመራዋል።

ሦስተኛው፣ ማሻሻል፣ ለአብዛኛው ትምህርት ቤት ገንዘቡ ይበልጥ የሚያፈራበት ደረጃ ይመስለኛል። አሥር ታብሌቶች ተገዝተው በነጻ የሚገኘው ጂኦጄብራ ከተጫነባቸው ለአራት ተማሪዎች አንድ ይደርሳል፤ ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። m እና c ስላይደር በሚባለው ተንሸራታች ስለሚቀያየሩ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። «ይህን መስመር ሣሉ» መባሉ ቀርቶ «በ(2, 5) የሚያልፉ መስመሮችን ሁሉ ፈልጉ» ይባላል። አንዱ ቡድን m = 2 እና c = 1ን ያገኛል፤ ሌላው m = 1 እና c = 3ን፤ ሌላው m = -1 እና c = 7ን። ውጤቶቹ በሰሌዳ ሲሰበሰቡ m በአንድ ሲጨምር c በሁለት እንደሚቀንስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስተውላሉ፤ ከዚያም c = 5 - 2m ላይ ይደርሳሉ። ይህን በእጅ ለመሥራት እያንዳንዱ ቡድን ብዙ ግራፎችን መሣል ስለሚኖርበት ክፍለ ጊዜው አይበቃም። ብልሽቱ የሚመጣው ተማሪዎቹ ሳይገምቱ ስላይደሩን ወዲያና ወዲህ ሲገፉት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ስክሪኑ ይንቀሳቀሳል፣ ደብተሩ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ግምታቸውን ሳይጽፉ ታብሌቱን እንዳይነኩ ማድረግ ያስፈልጋል። ነጥብ በእጁ አስቀምጦ የማያውቅ ተማሪም ከስላይደሩ ብዙ ስለማያተርፍ የግራፍ ወረቀቱ መቅደም አለበት።

አራተኛው፣ እንደ አዲስ መቅረጽ፣ ከሁሉም ውድ መስሎ ቢታይም አንድ ስልክና አንድ ሁለት ኮምፒውተር ይበቁታል። አንድ ተማሪ 5 ሜትር ሲራመድ በስልክ ይቀረጻል፤ ቪዲዮው ትራከር በተባለው ነጻ ፕሮግራም ተከፍቶ በሰከንድ 30 ምስል ከሚይዘው ቀረጻ በየአሥረኛው ምስል ላይ የተራማጁ ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ጉዞው 4 ሰከንድ ከፈጀ 13 የጊዜና የቦታ ነጥቦች ይገኛሉ፤ የመስመሩ ስሎፕም በአማካይ 1.25 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም የልጁ የገዛ ፍጥነት ይሆናል። ልክ የሚያሳየው የሜትር ዘንግ ከተራማጁ ይልቅ ለስልኩ ቀርቦ ከተቀመጠ ወይም ስልኩ ከተነቃነቀ ስሌቱ ይዛባል፤ በሜትር ከተለካው 5 ሜትር ጋር በማስተያየት ስሕተቱ ይታወቃል። እኩል በሆነ ፍጥነት መራመድን ብቻ ከሆነ የሚለኩት በሩጫ ሰዓትም ይቻል ስለነበር ሥራው ከሦስተኛው ደረጃ አያልፍም። አራተኛው ላይ የሚደርሰው ተማሪዎቹ ዓይን የማይከተለውን እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ሯጭ ከመነሻው ተስፈንጥሮ ፍጥነቱ እስኪረጋ ያለውን ጊዜ፣ መርጠው ግራፉ የት ላይ ቀጥ እንደሚል ሲመረምሩ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ አንድ ሙሉ ትምህርት በመሣሪያው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ የሒሳብ መምህሩም አብሮዎት ይቀመጥ።