የእናቴን ፍራሽ ከማዕዘኑ ፎቶ ለለየልን ባለሙያ

በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ የፍራሽ መደብር የሚሠራ ወገናችንን ከልብ ለማመስገንና ፍራሽ ለመቀየር ላሰባችሁ ሁሉ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። እናቴ 11 ዓመት የተኙበት ፍራሽ መሃሉ ሰርጉዶ ወገባቸውን ቢያሳምማቸው «ያንኑ አምጡልኝ» አሉን። ማዕዘኑ ላይ ከተሰፋው ምልክት የኩባንያውን ስም አንብበን ከሌላ ሱቅ አዘዝን፤ የመጣው ግን ስሙ አንድ ሆኖ እንደ ጣውላ የጠነከረ ነበርና እናቴ ሦስት ሌሊት ታግሠው መለስነው።

ይህ ወንድማችን የማዕዘኑን ፎቶ ስልክለት፣ ትልቁ ምልክት አምራቹን እንጂ የፍራሹን ዓይነት እንደማይለይ፣ ያው ፍራሽ በየመደብሩ ሌላ ስም ሊሰጠው እንደሚችልም አስረዳኝ። ቀጥሎም በግርጌ በኩል የተሰፉትን ነጫጭ ጨርቆች፣ ብርሃን ከጎን አድርጌና ጨርቁን በእጄ ወጥሬ እንዳነሣ ጠየቀኝ። አንደኛው የውስጡን ዕቃ በመቶኛ የሚዘረዝርና በግዛት ምህጻረ ቃል የሚጀምር የአምራች ምዝገባ ቁጥር ያለበት ነው። ሁለተኛው ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ፍራሽ ሁሉ እንዲይዘው የታዘዘው የእሳት መከላከያ ደንብ ምልክት ሲሆን፣ የሞዴሉ መለያና የተሠራበት ወርና ዓመት ተጽፎበታል። የእኛው ላይ ማርች 2014 የሚለው በግልጽ ሲነበብ የሞዴሉ መለያ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በመታጠብ ደብዝዘው ነበር።

የጎደለውን የሞላልን ስፌቱ ነው። ማስመሪያ አስጠግቼ ሳነሣ የላዩ ስፌት የአልማዝ ቅርጽ ያለውና ከጫፍ ጫፍ 3 ኢንች መሆኑ ታየ። ከዚያ በላይኛው ንጣፍና በጎኑ መካከል ጣቴን እንዳስገባ አዘዘኝ፤ ጣቴ ጠለቅ ብሎ ገባ። ንጣፉ ለብቻው ተሰፍቶ እንደ ትራስ የተደረበ፣ ማለትም ፒሎው ቶፕ መሆኑን ያወቀው በዚህ ነው፤ ዩሮ ቶፕ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ከጎኑ ጋር እኩል በሆነና ክፍተቱ ባልኖረ ነበር። መጀመሪያ የተላከልን ላዩ ለጥ ያለ ስለነበር፣ ስህተቱ የት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን የማይታወቀውን አውቃለሁ አለማለቱን ነው። አንድ ዓይነት ስፌት ለስላሳውንም ጠንካራውንም ሊሸፍን ስለሚችል፣ መቶኛውም ክብደትን እንጂ የስፖንጁን ውፍረት ስለማይናገር፣ ምልክቱንና ፎቶዎቹን ለአምራቹ ልኮ አረጋገጠ። ሞዴሉ መመረት አቁሞ ነበር፤ በምትኩ የወጣውን፣ ፒሎው ቶፕና መካከለኛ ልስላሴ ያለውን፣ ቁመቱም ከአሮጌው ጋር እኩል 13 ኢንች ስለሆነ የእናቴ አንሶላ ልክ የሚገባበትን አዘዘልን። እነሆ ሁለተኛ ወራቸው ነው፤ ጠዋት ሲነሡ ወገባቸውን መያዝ ትተዋል።

አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ከመደወላችሁ በፊት ግን ሁለቱን ነጫጭ ጨርቆችና ማዕዘኑን ከነማስመሪያው አንሥታችሁ ጠብቁት፤ አሮጌውንም ፍራሽ እስከዚያው አትጣሉ።