ለቪትዝ የትኛው ጎማ ይሻላል? ሦስት ምርጫዎች ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው

ባለ 14 ቸርኬ ቪትዝ ይዞ ጎማ ቤት የገባ ሰው ሦስት ዓይነት ጎማ ሊቀርብለት ይችላል። ሻጩ ሦስቱንም «ይገባል» ይላል፤ ቸርኬው ላይ መግባቱንማ ይገባሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ጉድጓድና ፒስታ ላይ ነው። ጎናቸው ላይ የተጻፈው እንዲህ ይነበባል፦

```
165/70R14  81T
175/70R14  88T XL
165/70R14C 89/87R
```

የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ነው፤ በሚሊሜትር ሳይሆን ከስፋቱ በመቶኛ ይሰላል። R ራዲያል ማለት ሲሆን 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ለሻካራ መንገድ ከሁሉ በፊት የሚታየው የጎኑ ቁመት ነው። 165 በ70 በመቶ ሲባዛ 115.5 ሚሊሜትር፣ 175 በ70 በመቶ ደግሞ 122.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የሰባት ሚሊሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጎማው ጉድጓድ አፋፍ ወይም የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ፣ ቸርኬውና ድንጋዩ ጎኑን በመካከላቸው ይቆነጥጡታል። ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ከመቆንጠጡ በፊት የሚተጣጠፍበት ቦታ አለው። ቆንጠጣው የውስጡን ክር ከበጠሰው ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያለ እብጠት ይወጣል። እብጠት የወጣበት ጎማ አይለጠፍም፣ አይጠገንም፤ ይጣላል።

የቪትዝ ባለቤቶች ለመልኩ ሲሉ ወደ ባለ 15 ወይም ባለ 16 ቸርኬ ሲያሳድጉ የሚያጡት ይህንኑ የጎን ቁመት ነው። 185/55R15 ሲገጠም ጎኑ ወደ 102 ሚሊሜትር ይወርዳል። አስፋልት ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ፒስታ ላይ ግን ቸርኬ ያጣምማል።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት መለኪያ ነው። 81 ማለት አንዱ ጎማ 462 ኪሎ፣ 88 ማለት 560 ኪሎ፣ 89 ማለት ደግሞ 580 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከ89 ቀጥሎ የተጻፈው 87 ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ለሚታሰርበት መኪና ስለሆነ ቪትዝን አይመለከታትም። ቪትዝ ራሷ አንድ ቶን አካባቢ ናት፤ አምስት ሰውና ዕቃ ሲጨመርባት አንድ ቶን ተኩል ገደማ ትሆናለች። አራት ባለ 81 ጎማ ከ1,800 ኪሎ በላይ ስለሚችል ክብደቱ ችግር አይሆንም። ችግሩ ምቱ ነው። ከጭነት ቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ T 190፣ R 170 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በእኛ መንገድ ይህ ፊደል ምርጫ አይወስንም።

XL የተባለው የተጠናከረ ጎማ ነው፤ ሆኖም ብዙዎች ይሳሳቱበታል። ያንን 560 ኪሎ የሚሸከመው ከተለመደው ከፍ ያለ ንፋስ ሲሞላ ነው። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ልክ ብቻ ከተሞላ በጭነት በኩል ያው ልክ ካለው ተራ ጎማ የሚያስበልጠው ነገር የለም። ለቪትዝ የሚጠቅመው ከፍ ባለው ጎኑ ነው። ዙሪያውም ከፋብሪካው 2.4 በመቶ ስለሚበልጥ ዳሽቦርዱ 100 ሲያሳይ መኪናዋ በርግጥ 102 እየሄደች ነው። ከመግዛት በፊት አንዱን ጎማ ከፊት አስሮ መሪውን በሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ማዞርና የውስጡን ፕላስቲክ እንዳይነካ ማየት ያስፈልጋል።

C የተጻፈበት ለዕቃ መኪና የተሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ ጎኑ ላይ ሁለት ድርብ ክር ስላለው ስለታም ድንጋይ በቀላሉ አይቀደውም። ዋጋው ግን በሌላ መንገድ ይከፈላል፤ ባዶዋን ቪትዝ ላይ ይደርቃል፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ወደ ሾክ አብሶርበሩና ወደ ወገብ ያሳልፈዋል።

የምርት ስም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ደንሎፕ፣ አፖሎ ወይም ሊንግሎንግ ብሎ ብቻ መምረጥ አያዋጣም፤ ምክንያቱም አንዱ ኩባንያ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚሠራው ጎማ ሌላ፣ ለዕቃ መኪና የሚሠራው ሌላ ነው። የብሪጅስቶን ኢኮፒያ ለነዳጅ ቁጠባ፣ ዱራቪስ ግን ለጭነት ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ፒስታ ላይ አንድ አይሆኑም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ጎኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የክር መግለጫ ያንብቡ። እንዲህ ያለ ነው፦

```
SIDEWALL: 1 POLYESTER
SIDEWALL: 2 POLYESTER
```

ባለ ሁለቱ ለድንጋይ ይሻላል። የታወቀ ስም ይዞ ባለ አንድ ክር የሆነ፣ ብዙም ስም ሳይኖረው ባለ ሁለት ክር የሆነ ጎማ አለ።

አሁን ወደ ቀኑ። DOT ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ሙሉው ጽሑፍ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል በአንዱ በኩል ካጡት ጎማውን ያገላብጡት። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። 0817 የሚለውን ያየ ሰው «የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ስምንተኛ ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 የካቲት አጋማሽ የተሠራ ጎማ ነው። ለመቀየር ቀላል ነው፦ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ይቀንሱ። 2224 የ2016 ግንቦት፣ 4023 ደግሞ የ2016 መስከረም ይሆናል። አራት ሳይሆን ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና እጅዎን እንኳ አያስነኩት።

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ ላይ የተደረደረ ጎማ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ካለው ቀድሞ ይደርቃል። ስለዚህ ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ገፋ አድርገው ይክፈቱት፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ ይለፉት። ቅባት ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ጎማ ከሆነ መጀመሪያ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ቅባቱ ስንጥቅ ይሸፍናል። ቀኑ ከሻጋታው በወጣ ትንሽ ሞላላ ፍሬም ውስጥ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ዙሪያው ተፍቆ ወይም አኃዞቹ ጥልቀታቸው ተዘበራርቆ ከሆነ የሰው እጅ ገብቶበታል።

ሦስቱን እንግዲህ ቀን እንስጣቸውና እንፍረድ። ባለ 165ቱ 2224፣ ባለ 175ቱ XL 0817፣ ባለ Cው 4023 ቢሆኑ፣ በልክ ደረጃ ለመንገዳችን የምመርጠው 175ቱን ነበር፤ ሆኖም ቀኑ ስላበላሸው በቅናሽም ቢሆን አልወስደውም። አብዛኛው ጉዞው አዲስ አበባ ውስጥ ለሆነ ሰው 165ቱ ይበቃዋል። በየቀኑ ፒስታ የሚወጣና ኋላ ወንበሩን በዕቃ የሚሞላ ሰው ግን ድርቀቱን ችሎ ባለ Cውን ይውሰድ። 175ቱን የፈለገ ያንኑ ልክ በቅርብ ቀን የተሠራ ይጠይቅ፤ ካልተገኘ ይጠብቅ። አራቱን በአንዴ መግዛት ያልቻለ ደግሞ አንድ ዓይነት ሁለት ገዝቶ በአንድ አክስል ላይ ያሳስር፤ ግራ 165 ቀኝ 175 የታሰረባት መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ትስባለች።

ጎሚስታው ሲያስር ቫልቩንም ቀይሮ ባላንስ እንዲሠራ ይንገሩት፤ ንፋሱንም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በራስዎ መለኪያ ያረጋግጡ።